የሰው ስም፣ ማዕረግና አጠራር በደብዳቤና በቃለ ጉባኤ ላይ ሲሳሳት፦ ከአዳማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ወይም ወረቀቱ ፊርማ ላይ ከመድረሱ በፊት «እስቲ አንዴ እይልኝ» የሚባል ሰው የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ነው የሰበሰብኩት። የነጥብና የአንቀጽ ጉዳይ የለበትም፤ የሰው ስም፣ ማዕረግና አጠራር ብቻ ነው። ለምሳሌ የገቡት ስሞች ማንንም አይወክሉም።

«ኃይሉ» ነው ትክክሉ ወይስ «ሀይሉ»?

የቱ ኃይሉ? መልሱ ያለው ሰውየው መታወቂያ ላይ ነው። ስሙ እዚያ «ሀይሉ» ተብሎ ከወጣ ትክክሉ «ሀይሉ» ነው። አለቀ።

ግዕዝ ቀመስ የሆናችሁ እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ኃይል በብዙኃኑ ኀ እንደሚጻፍ፣ ሥላሴ በንጉሡ ሠ እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ጽሑፍ ሲታረም ይጠቅማል። የሰው ስም ግን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ባንክ፣ ጡረታና ፍርድ ቤት ከሰነድ ጋር የሚያመሳክሩት መለያ ነው። «ሰናይት» ተብላ ዲግሪዋን፣ መታወቂያዋንና የቅጥር ደብዳቤዋን የያዘች ሴት አለች እንበል። እናንተ የዕድገት ደብዳቤዋ ላይ «ሠናይት» ብትሏት አራተኛውን ሰነድ ከሦስቱ ለያችሁት ማለት ነው። በሰዋስው ልክ ሆናችሁ፣ እሷን ግን አመላለሳችኋት።

እውነቱን ለመናገር ብዙ መሥሪያ ቤት በሀ እና በኃ ልዩነት ሰው አይመልስም። የሚመልስ ሠራተኛ ግን ሁልጊዜ አለ፤ ደግሞ የሚገጥማችሁ በቸኮላችሁበት ቀን ነው። ስለዚህ መዝገብ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ።

በስልክ ስም ስትቀበሉ «በየትኛው ሀ?» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ የፊደሉን ስም ጥሩ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። «ጸጋዬ፣ በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?» ስትሉት የፊደሉን ስም የማያውቀው እንኳ መታወቂያውን አውጥቶ ማየት ይጀምራል። የምንፈልገውም እሱን ነው። ከቻለ ደግሞ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ።

ጫላ እንዴት «ካላ» ይሆናል? አዳማ ላይ ይኼ ስህተት ለምን በዛ?

ምክንያቱም እዚህ ከተማ የአንድ ሰው ስም ሦስት ልብስ አለው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት በፊደል ይጽፈዋል። የክልሉ ሰነድ በቁቤ ይጽፈዋል። ፓስፖርትና የባንክ ሲስተም ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይገባል። ጫላ ጥላሁን የሚባል ሰው በቁቤ Caalaa Xilaahun ነው፤ በባንኩ ስክሪን ላይ CHALA TILAHUN ሆኖ ይመጣል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ የሚገባው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ነው።

የሚያሳስቱት ፊደሎች ጥቂት ናቸው፤ አንዴ ከተያዙ አይረሱም። በቁቤ c ብቻውን «ጭ» ነው፣ «ች» ከተፈለገ ch ይጻፋል። x «ጥ» ነው። q «ቅ» ነው። ph «ጵ» ነው። dh ደግሞ በአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ በ«ድ» ይወከላል፤ ስለዚህ Dhugumaa ዱጉማ ይሆናል። ቁቤ የማያነብ ጸሐፊ Caaltuu የሚለውን ሲያይ «ካልቱ» ይላል፤ Xuruneesh ሲያይ ግራ ይገባውና «ዙሩነሽ» ብሎ ያልፋል። ጫልቱና ጥሩነሽ እንዲህ ጠፍተው ይቀራሉ። Phexiroos ላይ ሁለቱም ወጥመድ አለ፤ ጴጥሮስ ነው።

ላዩ ላይ የኪቦርዱ ጣጣ ይጨመራል። በድምፅ በሚጻፍባቸው የአማርኛ ኪቦርዶች ትንሿ c «ች» ስትሰጥ ትልቋ C «ጭ» ትሰጣለች። t «ት» ነው፣ T «ጥ» ነው። p «ፕ»፣ P «ጵ»። ሺፍት ሳይጫን ከቀረ ጫላ ቻላ ይሆናል፣ ጥላሁን ትላሁን ይሆናል፣ ጴጥሮስም ፔትሮስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቁቤው ላይ c አይቶ ኪቦርዱ ላይም c የሚጫን ሰው ደግሞ በዓይኑ ልክ ነው፣ በጣቱ ነው የተሳሳተው። ስለዚህ ስሙ ውስጥ ች፣ ት፣ ፕ፣ ክ ካያችሁ ቆም በሉ። ጭ፣ ጥ፣ ጵ፣ ቅ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ቁቤ በይፋ ሥራ ላይ የዋለው በ1984 ዓ.ም. ነው። ይኼ ቀን ለማጣራት ይረዳል። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው የመጀመሪያ ሰነዱ በፊደል ስለሆነ የፊደሉን አጻጻፍ ከዚያ ውሰዱ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አካባቢ የተማረ ወጣት ደግሞ ስሙን መጀመሪያ የጻፈው በቁቤ ሊሆን ይችላል። ለእሱ የፊደሉ ስም የተገለበጠ ነው፤ የገለበጠው ሰው እንዴት እንደሰማው ነው የሚወሰነው። የፋይዳ መታወቂያ ያለው ሰው ከሆነ ካርዱ ላይ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስላለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ያ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

አንድ ቃለ ጉባኤ እጄ ገባ። ከየት ልጀምር?

ከመጨረሻው። አብዛኛው ሰው ከ«በስብሰባው የተገኙ» ጀምሮ ወደታች ያነባል፤ ውሳኔው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ደክሟል፣ ስሞቹንም ስለለመዳቸው ስህተቱን አያየውም። ባንኩ ግን መጀመሪያ የሚያየው ውሳኔውን ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 60 አባላት ያሉት የመኖሪያ ቤት ማኅበር የባንክ ፈራሚዎቹን ቀይሮ ቃለ ጉባኤ አዘጋጀ እንበል። አዲሶቹ ፈራሚዎች ሦስት ናቸው፦ ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡ ጫላ ጥላሁን፣ እና ፀሐፊዋ ደስታ መሐመድ። መተዳደሪያ ደንቡ ምልዓተ ጉባኤ ከግማሽ በላይ ነው ይላል፤ ስለዚህ ቢያንስ 31 ሰው መገኘት አለበት። ተሰብሳቢዎቹ ተራ በተራ ስማቸውን ጽፈው ፈርመዋል፤ የመጨረሻው ተራ ቁጥር 31 ነው። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

መጀመሪያ ውሳኔውን ብቻ አንብቡ፤ ያሉትን ስሞች በባዶ ወረቀት ላይ አውጡ። «ቻላ ጥላሁን» እና «አቶ ደስታ መሐመድ» ይላል። ከዚያ ወደ ፊርማው ውረዱ፤ እዚያ «ጫላ ትላሁን» ነው። ከዚያ ወደ ተሰብሳቢዎች ዝርዝር ውጡ። ጫላ በገዛ እጁ የጻፈው «ጫላ ጥላሁን» ነው። መጨረሻ ላይ አጀንዳው ሥር ያለውን ውይይት እዩ፤ እዚያ «አቶ ቻላ እንደገለጹት» ይላል። አንድ ሰው በሁለት ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፏል። ይኼን ከላይ ወደታች የሚያነብ ሰው «አዎ፣ ጫላን ማለቱ ነው» እያለ ያልፈዋል። መስኮት ጋ ያለው የባንክ ሠራተኛ ግን ጫላን አያውቀውም። እሱ የሚያየው CHALA TILAHUN የሚል ስክሪን፣ Caalaa Xilaahun የሚል መታወቂያ እና «ቻላ ጥላሁን» የሚል ውሳኔ ነው። ቢመልሳችሁ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ስህተት ይከብዳል። ደስታ ሴት ናት። ውሳኔው ላይ «አቶ» ተብላለች፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ምንም አይጎረብጥም። «አቶ ደስታ መሐመድ እንዲፈርሙ ተወስኗል» ተብሎ ቢነበብ ጆሮ አይነቃም፤ ምክንያቱም በአክብሮት ስንጽፍ ግሡ ወንድና ሴት አይለይም። «ፈረመች» ብለን ቢሆን ኖሮ «አቶ» ወዲያው ይጋጭ ነበር። «ፈረሙ» ሲሆን ግን ጾታን የሚነግረን ከስሙ ፊት ያለው አጠራር ብቻ ነው። እሱ ከተሳሳተ የሚያስጠነቅቅ ሌላ ቃል የለም። ስለዚህ አቶና ወ/ሮን ከንባብ ለይታችሁ፣ ለብቻቸው እያንዳንዱን በጣት እየነካችሁ እዩ። ደስታ፣ ሙሉ፣ ትንሣኤ ዓይነት ለሁለቱም የሚሆን ስም ሲመጣ ጠይቁ። ኦሮምኛ የማይሰማ ጸሐፊ ደግሞ ለሊሴን ወይም ቦንቱን «አቶ» ሊላቸው ይችላል፤ እሱም በዚሁ መንገድ ነው የሚያዘው።

ሦስተኛው ተሰብሳቢዎቹ ጋ ነው። ተራ ቁጥር 4 ላይ «ኃይሉ በቀለ» አለ። ተራ ቁጥር 19 ላይ «ሀይሉ በቀለ» አለ። አንድ ሰው ነው፤ ወረቀቱ ሁለተኛ ዙር ሲመጣ ረስቶ ደግሞ ፈረመ። ቃለ ጉባኤው በኮምፒውተር ሲገለበጥ ስሞቹ የተለያዩ ስለሆኑ ሁለት ሰው ሆነው ቀሩ። ፊርማዎቹን ጎን ለጎን ስታዩ ግን አንድ እጅ ነው። አሁን ተሰብሳቢው 30 ሆነ። 30 የ60 ግማሽ ነው እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም። በአንዲት ሀ ምክንያት ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ አልነበረውም ማለት ነው። እዚህ ላይ የፊደል ማረም ሥራ አለቀ፤ ለሰብሳቢው ይነገርና እንደገና ይሰብስብ። በፍፁም ከስብሰባው በኋላ 31ኛ ሰው ፈልጋችሁ አታስፈርሙ።

የአባት ስም ላይ «አቶ» ማለት ይቻላል? «አቶ ጥላሁን» ብለን ጽፈናል።

ጥላሁን አባትየው ናቸው። ደብዳቤው ለእሳቸው ነው?

በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የአባት ስም ነው። ስለዚህ ሙሉ ስሙ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማሳጠር ከተፈለገ «አቶ ጫላ» ነው የሚባለው። ይኼ ስህተት የሚገባው ብዙ ጊዜ ከውጭ ድርጅት ጋር በሚሠራ ቢሮ ነው፤ በእንግሊዝኛ የመጣውን «ሚስተር ጥላሁን» ሲተረጉሙ «አቶ ጥላሁን» ይላሉ። አባትና ልጅ አንድ ማኅበር ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ ጉዱ ይፈላል፤ የልጁ ሐሳብ በአባቱ ስም ይመዘገባል። ሴትዮዋን በባሏ ስም መጥራትም እዚሁ ይገባል። ያገባች ሴት የአባቷን ስም እንደያዘች ነው የምትቀጥለው፤ «ወ/ሮ ደስታ» ብሎ የባሏን ስም ማስከተል ሌላ ሰው መፍጠር ነው።

ወ/ሮ ወይስ ወ/ሪት? ካላወቅኩ ምን ልበል?

ጠይቁ። አርባ ዓመት ስለመሰለች ወ/ሮ፣ ሃያ ስለመሰለች ወ/ሪት አይባልም። መጠየቅ ካልተመቸ ማህደሯ ላይ ያለውን ተከተሉ። እሱም ከሌለ ሙሉ ስሟን ከሥራ መደቧ ጋር ጻፉ፦ «ደስታ መሐመድ፣ የማኅበሩ ፀሐፊ»። ይኼ ማንንም አያስቀይምም።

ከኦሮምኛ ደብዳቤ ስትተረጉሙ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። Aadde የሚለው ብዙ ጊዜ በቀጥታ «ወ/ሮ» ተብሎ ይገለበጣል፤ ያላገባችም ሴት በዚያው ወ/ሮ ሆና ትቀራለች።

«ኦቦ» እና «አቶ»ን ማደባለቅ ችግር አለው?

በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አንዱን ምረጡ። የአማርኛ ደብዳቤ ከሆነ አቶ፣ ወ/ሮ። የኦሮምኛ ከሆነ Obbo፣ Aadde። «ለአቶ ኦቦ ጫላ» ተብሎ ተጽፎ ስታዩ ሳቅ ይመጣል፣ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይወጣል፤ አንዱ የኦሮምኛውን ዝርዝር ገልብጦ ሌላው ፊቱ ላይ «አቶ» ጨምሮበት ነው።

አባ ገዳ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። የሥልጣን መጠሪያ ስለሆነ አይተረጎምም፣ ፊቱም «አቶ» አይጨመርበትም። «አባ»ውን ብቻ አስቀርቶ «አባ እገሌ» ማለትማ ሰውየውን መነኩሴ ማድረግ ነው። ወደ አባ ገዳ አዳራሽ የሚላክ የጥሪ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ተብሎ ቢሄድ፣ ያ ደብዳቤ ስብሰባው እስኪያልቅ ሲወራበት ይውላል።

የሃይማኖት አባቶች ጋም አቶ አይገባም። ለኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ «ብፁዕ አቡነ» ነው፤ «ብፁዕ ወቅዱስ» የሚባሉት ፓትርያርኩ ናቸው። ለአክብሮት ብላችሁ ለሁሉም «ወቅዱስ» አትጨምሩ። ሼህ፣ ሐጂ፣ ቀሲስ፣ ፓስተር ላይ ደግሞ ባለቤቱ የሚጠራበትን ጠይቃችሁ እሱን እስከ መጨረሻው ያዙ። ገጽ 1 ላይ «ሐጂ»፣ ገጽ 2 ላይ «ሼህ»፣ ፊርማው ላይ «አቶ» የሆነ ሰው ሦስት ሰው ነው የሚመስለው።

ዶ/ር፣ ኢ/ር፣ ክቡር... ስንቱን ልደርድር?

የሚያስፈልገውን። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ስለሆነ አዳማ ላይ የማዕረግ ደብዳቤ ብዙ ነው። ረ/ፕ ረዳት ፕሮፌሰር ነው፣ ተ/ፕ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነው። የአንዲት ፊደል ልዩነት ናት፤ ግን የአንድ እርከን ዕድገት ናት። ደብዳቤው ስለ ዕድገትና ስለ ደሞዝ ከሆነ አታሳጥሩ፣ ሙሉውን ጻፉት።

«ዶ/ር አቶ» አይባልም፤ ዶ/ር ከመጣ አቶ ይወርዳል። «ክቡር» ግን ከሌላው ጋር መሄድ ይችላል፦ ክቡር ዶ/ር፣ ክቡር አቶ። ለሴት «ክብርት» ነው። «ክቡር ወ/ሮ» ብሎ የወጣ ደብዳቤ ካያችሁ፣ የባለፈው ኃላፊ ደብዳቤ ላይ ስሙ ብቻ ተቀይሮ መውጣቱን እወቁ። እንዲህ ዓይነቱን ሲያገኙ ግልባጩንም ማየት ነው፤ እዚያም አሮጌው ስም ተኝቶ ይገኛል።

የግል አስተያየቴን ከጠየቃችሁኝ ክቡር በዝቷል። የክፍል ኃላፊውም፣ የቡድን መሪውም ክቡር ከሆነ ለከንቲባው ምን ቀረ?

ማሳጠሪያ ላይ ሌላም አለ። ም/ኃላፊ ከሚለው «ም/» ሲወድቅ ምክትሉ ዋና ይሆናል። የተሾመው ሰው ደስ ሊለው ይችላል፣ ዋናው ግን አይደሰትም። ከቲተሩ ጋር አመሳክሩ፤ ደብዳቤው ውስጥ ያለው የሥራ መደብና ከፊርማው በታች የሚመታው ቲተር አንድ ቃል መሆን አለባቸው።

ገ/ሥላሴ፣ ወ/ማርያም ብሎ ማሳጠር ስህተት ነው?

መታወቂያው ላይ ካጠረ አይደለም። ሙሉው ካለ ግን ሙሉውን ጻፉ። «ወ/» ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል። ደግሞ «ወ/ማርያም» የሚለው ስም ከወ/ሮ ቀጥሎ ሲመጣ ዓይን ያሳስታል፤ የቸኮለ ጸሐፊ አንደኛውን «ወ/» ዘሎ ያልፋል። ያጠረውን ስም በግምት መዘርዘርም አይገባም፤ «ኃ/» ኃይለ ነው ብላችሁ ብታስቡም ሰነዱን ሳታዩ አትዘርዝሩ።

«እንድትተባበሩን» ነው ወይስ «እንዲተባበሩን»?

ደብዳቤው «ለ» ብሎ የጻፈውን እዩ። ለመሥሪያ ቤት ከሆነ «እንድትተባበሩን» ነው፤ ብዙ ሰው ነው የምናናግረው። ለአንድ ሰው በስሙ ወይም በማዕረጉ ከሆነ «እንዲተባበሩን» ነው፤ አንቱ እያልን ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው አንዱ ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤት ተጽፎ በኋላ «ለክቡር ከንቲባ» ተብሎ ሲቀየር ነው። ላይኛው ይቀየራል፣ ታችኛው ይቀራል። ስለዚህ ተቀባዩ በተቀየረ ቁጥር ደብዳቤው ውስጥ ያሉትን ግሦች በሙሉ እንደገና እዩ፤ «ታውቃላችሁ»፣ «እንደላካችሁልን»፣ «መሥሪያ ቤታችሁ» የሚሉት ተደብቀው የሚቀሩ ናቸው።

ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። ሥራ አስኪያጁ «ገለጹ» ይባላሉ፣ የጥበቃ ሠራተኛው «ገለጸ» ይባላል። ሁለቱም ተሰብሳቢ ናቸው፣ ሁለቱም ድምፅ አላቸው። ለአንዱ አቶና አንቱ ከሆነ ለሁሉም ይሁን። ዕድሜ አይቶ፣ ሥልጣን አይቶ የሚቀያየር ቃለ ጉባኤ ለማንበብም ደስ አይልም።

ኮምፒውተር ላይ ፈልጌ ልያዘው አልችልም?

በከፊል። ችግሩ ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች መሆናቸው ነው። «ኃይሉ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሀይሉ» አይመጣም፤ «የለም» ይላችኋል፣ እናንተም ስህተት የለም ብላችሁ ታልፋላችሁ። ቀላሉ መላ የማይቀያየረውን የስሙን ክፍል መፈለግ ነው፦ ለሰናይት «ናይት»፣ ለኃይሉ «ይሉ»። ሌላ ቃልም አብሮ ይመጣል፣ ግን ምንም አያመልጥም።

ዎርድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው ውስጥ Use wildcards የሚለውን ምልክት አድርጉና እንዲህ ጻፉ፦

```
[ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ
[ጸፀ]ጋ[ዬየ]
[ጫቻ]ላ
```

በቅንፍ ውስጥ ካሉት የትኛውም ቢሆን ያወጣዋል። ሁሉንም በአንዴ ለመቀየር ግን አትቸኩሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ እውነትም «ሀይሉ» የሆነ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። በዚህ ዓይነት ትክክለኛ ስም ሲበላሽ ማን እንዳበላሸው እንኳ አይታወቅም። ው እና ዉ (ጌታቸው፣ ጌታቸዉ) ደግሞ በአንዳንድ ፎንት ላይ በዓይን መለየት ያዳግታል፤ እነሱን በፍለጋ ብቻ ነው የምትይዟቸው።

የእጅ ጽሑፍ የመጣ እንደሆነ ፍለጋ ዋጋ የለውም። እዚያ ላይ ለ እና ሰ፣ ላ እና ሳ ናቸው ጠላቶቻችን። «ቶላ» ነው «ቶሳ»? ሁለት ሰው ሆናችሁ አንዱ ከእጅ ጽሑፉ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው በታተመው ላይ ይከተል። የሚከተለው ሰው ተሰብሳቢዎቹን የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያውቃቸው ሰው የተጻፈውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው የሚያየው።

ደብዳቤው ከወጣ በኋላ አየሁት። በእስክርቢቶ ላስተካክለው?

አይሆንም። ማህተም ያረፈበት ወረቀት ላይ ስም መነካካት ስርዝ ድልዝ ነው፤ ባንክም ሆነ ሰነዶች ማረጋገጫ እንደዚያ ያለውን አይወዱትም። ለደብዳቤ የማረሚያ ደብዳቤ ይጻፋል፤ አጭር ነው፦ «በቁጥር … በቀን … በጻፍነው ደብዳቤ ላይ ቻላ ጥላሁን ተብሎ የተገለጸው ጫላ ጥላሁን ተብሎ እንዲታረም እናሳውቃለን።» የቀድሞው ቁጥርና ቀን ካልተጠቀሰ ማረሚያው ከምን ጋር እንደሚያያዝ ስለማይታወቅ ብቻውን ይቀራል። ግልባጩም የመጀመሪያው በሄደበት ሁሉ ይሂድ፣ የመዝገብ ቤቱ ማህደር ውስጥም አብሮ ይታሰር።

ቃለ ጉባኤ ገና ካልተፈረመ እንደገና ማተም ነው። ከተፈረመ ግን አንዱን ገጽ ብቻ አውጥቶ መቀየር አይቻልም፤ ፈራሚዎቹ ያላዩት ገጽ ይሆናል። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ የቀድሞው ቃለ ጉባኤ ሲጸድቅ ስሙ እንዲታረም ይያዝና ይፈረምበት። ባንኩ እስከዚያ የማይታገሥ ከሆነ ፈራሚዎቹን ሰብስቦ ሙሉውን ማስፈረም ይሻላል፤ ስንቱን ሰው በስልክ መለማመጥ ቢኖርበትም።

ሰውየው ራሱ ሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዓይነት ስም ካለውስ?

ያኔ የእናንተ ሥራ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ «አስተካክላችሁ» አትጻፉ። ደብዳቤው የሚሄደው የት እንደሆነ ጠይቁና እዚያ ያቀረበውን ሰነድ ተከተሉ፤ ለባንክ ከሆነ አካውንቱን የከፈተበትን መታወቂያ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ማረጋገጫውን ግን ባለቤቱ ራሱ ወረዳው ወይም ፍርድ ቤት ሄዶ ያመጣል። ካመጣው በኋላ ኮፒውን ማህደሩ ውስጥ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ሌላ ጸሐፊ ያነሳዋልና።